ለአነስተኛ ባለአክሲዮን የገበያ ትዕዛዝና የስቶፕ ትዕዛዝ ይከልከል?

ሄኖክ (ኮዬ ፈጬ)፦ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ሥራ ከጀመረ ወዲህ በሕንፃችን ውስጥ ክርክሩ አላባራም። አንዳንዶች «አነስተኛ ባለአክሲዮን ዝቅተኛ ዋጋውን ራሱ ወስኖ በገደብ ትዕዛዝ ብቻ ይሽጥ፤ በተገኘው ዋጋ የሚሸጠው የገበያ ትዕዛዝና ዋጋው እስከተወሰነ ደረጃ ሲወርድ በራሱ የሚነቃው የስቶፕ ትዕዛዝ ይከልከሉበት» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «በገዛ ንብረቴ ማን ያዝዝብኛል?» ይላሉ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ብሩክ (አያት)፦ ክልከላውን እቃወማለሁ፤ በተለይ ስቶፕን አትንኩብኝ። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ስለምውል ዋጋ ሲወድቅ ቁጭ ብዬ የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም። 1,000 ብር የሚያወጣ አክሲዮን ቢኖረኝ «980 ከደረሰ ሽጥልኝ» ብዬ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ቢከፋ ቢከፋ የማጣው 20 ብር ነው።

ጋሽ ታደሰ (ሰበታ)፦ እኔ ደግሞ ገደብ የሚባል ነገር ስሰማ ያመኛል። በደርግ ጊዜ በእህል ላይ ዋጋ ተቆርጦ ምን እንደተከተለ በዐይኔ ዐይቻለሁ። አሁን ደግሞ በአክሲዮን ላይ ሊመጣ ነው?

ወይንሸት (ለገጣፎ)፦ ጋሽ ታደሰ፣ ይህ ገደብ ሌላ ነው። የሚያስቀምጠው መንግሥት ሳይሆን ባለንብረቱ ነው። እርስዎ በሬዎን ገበያ አውጥተው «ከዚህ በታች አልሰጥም» እንደሚሉት ማለት ነው።

ብሩክ ግን ግማሹን ብቻ ነው የያዝከው። ውጭ አገር ሳለሁ በአንድ የደላላ ድርጅት ውስጥ የደንበኞችን ትዕዛዝ ስቀበል ኖሬአለሁ፤ ስልክ ላይ የሚያለቅሱት አብዛኛውን ጊዜ አንተ እንዳሰብከው ያሰቡ ሰዎች ነበሩ። እስቲ ቁጥር እናስቀምጥ። የመጨረሻው ሽያጭ በ1,000 ብር ተደርጓል። ከዚያ በታች ተሰልፈው የሚጠብቁት ገዢዎች ደግሞ እንዲህ ናቸው፦ 40 አክሲዮን በ995፣ 60 በ990፣ 50 በ960፣ 100 በ900፣ ሌላ 100 በ850። አንተ 200 አክሲዮን ይዘሃል።

በገበያ ትዕዛዝ ብትሸጥ ከላይ ጀምሮ ገዢዎቹን አንድ በአንድ እየበላ ይወርዳል። የመጨረሻዎቹን 50 አክሲዮኖች የምትሰጠው በ900 ነው። ጠቅላላ የምታገኘው 192,200 ብር፣ በአማካይ 961 ብር ይሆናል። ስክሪኑ 1,000 ብሎህ ነበር፤ አልዋሸህም፣ ግን ያሳየህ ያለፈውን ሽያጭ እንጂ የሚጠብቅህን ገዢ አይደለም።

አሁን ወደ ስቶፕህ ልምጣ። 980 ላይ አስቀምጠህ ሄድክ እንበል። አንድ መጥፎ ወሬ ተሰማና ሌላ ሰው ቀድሞህ 150 አክሲዮን ጣለ። የ995፣ የ990 እና የ960 ገዢዎች አለቁ። የመጨረሻው ሽያጭ 960 ሲሆን ያንተ ስቶፕ ነቃ። ስቶፕ ከነቃ በኋላ ተራ የገበያ ትዕዛዝ ነው፤ 980 የሚለው ቁጥር የመቀስቀሻ ደወል እንጂ የሽያጭ ዋጋ አልነበረም። ፊቱ የሚያገኘው የ100 አክሲዮን ገዢ በ900 እና የሌላ 100 አክሲዮን ገዢ በ850 ነው፤ አማካዩ 875 ይሆናል። ይባስ ብሎ ያንተ የ850 ሽያጭ 870 ላይ የተቀመጠውን የሌላውን ሰው ስቶፕ ይቀሰቅሳል። ዋጋው በአንድ ትንፋሽ የሚናደው እንዲህ ነው።

ዳዊት (ቡራዩ)፦ ወይንሸት የምትለውን እኔ በገንዘቤ ተምሬዋለሁ። ዱባይ እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ በብድር ጭምር፣ ዩሮ ገዝቼ የስዊስ ፍራንክ ሸጬ ነበር። የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ይጠብቅ ስለነበር ስቶፔን 1.19 ላይ አድርጌ እንቅልፌን እተኛ ነበር። ጥር 15 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጠዋት ባንኩ ሳይታሰብ ጥበቃውን አነሳ። የእኔ ትዕዛዝ የተሸጠው በ1.03 ነው። ደላላው ዘንድ ስደውል «በ1.19 እና በ1.03 መካከል ገዢ አልነበረም፤ ትዕዛዝዎ ግን እንደ ውሉ ተፈጽሟል» አሉኝ። ያስቀመጥኩት ገንዘብ አልቆ ዕዳ ቀረብኝ። ስለዚህ የእኔ መልስ አጭር ነው፦ ይከልከል።

ብሩክ፦ ዳዊት፣ ያጠፋህ ብድሩ ነው እንጂ ስቶፑ ብቻ አይደለም። ደግሞ መፍትሔ አለው። ስቶፑ 980 ላይ ይንቃ፣ ግን «ከ950 በታች አትሽጥ» የሚል ገደብ ይጨመርበት።

ወይንሸት፦ ስለ ብድሩ እውነት ብለሃል። የምትለው ዓይነት ትዕዛዝም አለ። በእኔ ምሳሌ ላይ ሞክረው፦ ሽያጩ 960 ላይ ሲደርስ ይነቃል፤ ገበያው ላይ የቀረው ከፍተኛ ገዢ ግን 900 ነው። ስለዚህ አንድም አክሲዮን አይሸጥም፤ 950 ላይ ተሰልፎ ይቀራል። ዋጋው ከተመለሰ ተረፍክ። ወደ 700 ከሄደ ግን ከነሙሉ ድርሻህ አብረኸው ትወርዳለህ። በርካሽ ከመሸጥ ሸሽተህ ጭራሽ አለመሸጥ ላይ ነው የወደቅከው።

ሰናይት (ቱሉ ዲምቱ)፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸው አለመሸጡ ነው። እናቴ ሆስፒታል በገባች ጊዜ መኪናችንን ለመሸጥ «ከዚህ ዋጋ በታች አንሰጥም» ብለን ሁለት ሳምንት ቆየን። በመጨረሻ የመጀመሪያው ገዢ ካቀረበልን ባነሰ ሸጥነው። ገንዘቡ ዛሬ የሚያስፈልገውን ሰው በገደብ ትዕዛዝ ብቻ ሽጥ ማለት ጭካኔ ነው።

ወይንሸት፦ ለዚህ የገበያ ትዕዛዝ የግድ አያስፈልግም። የገደብ ትዕዛዝ የግድ ከገዢዎቹ ዋጋ በላይ መቀመጥ የለበትም፤ ሆን ተብሎ ዝቅ ሊደረግ ይችላል። ወሬው ከመሰማቱ በፊት ወደነበረው ሰልፍ እንመለስ። 200 አክሲዮኖችሽን «እስከ 900» ብለሽ ብታቀርቢ የ995ቱን ገዢ በ995፣ የ990ውን በ990 እያገኘሽ ሁሉንም ወዲያው ትሸጪያለሽ። ያው 192,200 ብር ነው። ልዩነቱ ሌላ ሰው በአንዲት ሰከንድ ቢቀድምሽ ነው፦ በ900 ሊገዛ የሚችለውን ታገኚያለሽ፣ የቀረው በ850 አይጣልም። ከዚያ ዋጋውን እንደገና ዝቅ ማድረግ ወይም መተው ያንቺ ፋንታ ነው።

ግን ይህንም ከልክ በላይ እንዳላወድስ። ለመግዛት በምትጠብቂበት ጊዜ የገደብ ትዕዛዝ ሌላ ጣጣ አለው። «በ900 እገዛለሁ» ያለው ያ ሰው ገዛሁ ብሎ የሚደሰተው መጥፎው ወሬ ለሌሎች ከደረሰ በኋላ ነው። ሻጩ የሚያውቀውን እሱ ገና አልሰማም።

ሄኖክ፦ የከለከለ አገር አለ?

ወይንሸት፦ የኒው ዮርክ አክሲዮን ገበያ ከየካቲት 26 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስቶፕ ትዕዛዝ መቀበል አቁሟል። ከዚያ ቀደም ሲል፣ ነሐሴ 24 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጠዋት፣ ገበያው እንደተከፈተ ብዙ ስቶፖች ባለቤቶቻቸው ካሰቡት እጅግ ባነሰ ዋጋ ተሽጠው ነበር። ነገር ግን ደላሎች ትዕዛዙን በራሳቸው ኮምፒውተር ይዘው፣ ደወሉ ሲነቃ ወደ ገበያው መላክ አላቆሙም።

ብሩክ፦ ታዲያ ክልከላው ምን ጠቀመ? በር ቀየረ እንጂ።

ዳዊት፦ ቢያንስ ደላላው ለደንበኛው ፊት ለፊት ማስረዳት ይኖርበታል። እኔን ያስረዳኝ አልነበረም።

ጋሽ ታደሰ፦ አንድ ነገር አልገባኝም። አንድ ሰው በስህተት አንዲት አክሲዮን ከሰልፉ ውጭ በ975 ቢሸጥ የብሩክ 200 አክሲዮን ሁሉ ይነቃል?

ወይንሸት፦ ደወሉ የታሰረው በመጨረሻው ሽያጭ ላይ ከሆነ አዎን፣ ይነቃል። በገዢዎች ዋጋ ላይ ከሆነ ግን የ995ቱ ገዢ እስካለ ድረስ አይነቃም። ትዕዛዙን የሚይዝልህን ደላላ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንን ነው፣ ብሩክ።

ብሩክ፦ እጠይቃለሁ። ስቶፔን ግን አልተውም።