የሎራ ሬዲዮ፦ ርቀቱን ሳገኝ የ«ቁም» ትእዛዝ ይጠፋብኛል

ከርቀት በምትታዘዝ ትንሽ ሮቨር ላይ የሎራ ሬዲዮ ገጥሜያለሁ። 20 ባይት የባትሪና የቦታ መረጃ በየ2 ሰከንዱ ትልክልኛለች፤ እኔም በዚያው ቻናል ትእዛዝ እልካለሁ። ባንድዊድዙ 125 ኪሎኸርዝ ነው።

ስፕሬዲንግ ፋክተሩን 12 ሳደርገው ርቀቱ ግሩም ነው። ችግሩ፣ አንዱ የመረጃ መልእክት ብቻ 1.3 ሰከንድ ያህል አየር ላይ ይቆያል። ሞጁሉ እየላከ መስማት ስለማይችል «ቁም» ስላት አብዛኛውን ጊዜ አትሰማኝም፤ ወደ ገደል እየሄደች ቢሆንስ?

ወደ 7 ሳወርደው መልእክቱ በ57 ሚሊሰከንድ ያልቃል፤ ትእዛዙም ወዲያው ይደርሳል። ነገር ግን ከዛፎች ጀርባ ስትገባ የሲግናልና የጫጫታ ንጽጽሩ ከ-7 ዲሲቤል በታች ይወርድና ግንኙነቱ ይቆረጣል። የ7 ገደብ -7.5 ስለሆነ ይህ አይገርምም።

አሁን ያሰብኩት 9 ነው፦ 185 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ ከ7 ደግሞ 5 ዲሲቤል ያህል ይሻላል። ሮቨሯም በራሷ ጊዜ መላኳን ትታ ለትእዛዜ መልስ ብቻ ትሰጣለች። በዚህ መንገድ የሠራ አለ? ወይስ 7 ላይ ቆይቼ አንቴናውን ከፍ ባደርግ ይሻላል? ግንኙነት ሲጠፋ በራሷ እንድትቆምም እፈልጋለሁ፤ ስንት ትእዛዝ በተከታታይ ሳይደርሳት ሲቀር ትቁም?