የፌስቡክ ፕሮፋይሌ ታገደ፣ የሱቁ ፔጅ ብቸኛ አድሚን ደግሞ እኔው ነበርኩ

ጥልፍ ቤት፣ ቅዳሜ ገበያ
ሰላም ናችሁ። የሀበሻ ልብስ ሱቅ አለኝ፣ የፔጁ አድሚን እኔ ብቻ ነኝ። ትናንት ጠዋት ስከፍት ፕሮፋይልሽ ታግዷል አለኝ፣ ፔጁ ለሰው ይታያል እኔ ግን መግባት አልቻልኩም። ጥምቀት 3 ሳምንት ነው የቀረው፣ ትእዛዙ ሁሉ በሜሴንጀር ነው የሚመጣው፣ ምን ላድርግ በሞቴ?

የአዘዞው
አይዞሽ እህቴ፣ ፓስዎርድ ረሳሁ የሚለውን ነክተሽ በስልክሽ ኮድ አስልኪና ቀይሪው፣ እኔም ተጠልፎብኝ እንዲሁ ነው ያስመለስኩት

ጥልፍ ቤት
አልተጠለፈም ወንድሜ፣ ፓስዎርዱ ይሰራል፣ ከገባሁ በኋላ ነው ታግዷል የሚለኝ

ሶሎ
በሌላ ሲም አዲስ ፕሮፋይል ክፈቺ፣ ከዛ business.facebook.com ላይ ገብተሽ ፔጁን ጠይቂው፣ አለቀ

ማራኪ ፔጅ ሰሪ
ሶሎ፣ መጠየቁስ ይቻላል፣ ግን ጥያቄው የሚሄደው ለፔጁ አድሚን ነው፣ አድሚኑ ደግሞ የታገደው የሷ ፕሮፋይል ነው፣ ማን ሊያጸድቀው? አዲሱ ፕሮፋይልም ከታገደው ጋር ከተገናኘ እሱም ይታገድና ነገሩ ይብሳል።

ፔጅ ለብቻው ፓስዎርድ የለውም፣ የተንጠለጠለው በሰው ላይ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሰውየውን ማስከፈት ነው። ስትገቢ የእገዳው ገጽ ላይ Appeal የሚል አለ አይደል? አብዛኛውን ጊዜ 180 ቀን ይሰጣሉ፣ ካለፈ በቃ ይዘጋል። ግን ከመላክሽ በፊት ሁለት ነገር ንገሪኝ፣ ፕሮፋይሉ በማን ስም ነው፣ የልደት ቀኑንስ በየትኛው አቆጣጠር ነው የሞላሽው?

ጥልፍ ቤት
ወይኔ፣ ስሙ እኮ "ጥልፍ ጎንደር" ነው፣ የሱቁ። ልደቱን እንደ ቀበሌ መታወቂያዬ ጥር 1984 ብዬ ነው የሞላሁት

ማራኪ ፔጅ ሰሪ
ፈርቼው ነበር። ያሳገደሽ እሱ ነው ብዬ አልምልም፣ ግን ፕሮፋይል የሰው ስም ነው የሚፈልገው፣ የሱቅ ስም ለፔጅ ነው። አሁን ደግሞ መታወቂያ ካሉሽ የሚያዩት ስምና የልደት ቀን ነው፣ ጥር 1984 በፈረንጁ 1992 ነው፣ 8 ዓመት ልዩነት ማለት ለነሱ ሌላ ሰው ነሽ። ከታገደ በኋላ ደግሞ ስሙን መቀየር አይቻልም።

የቀበሌውን ተይውና ፋይዳ ወይ ፓስፖርት ላኪ፣ ፋይዳው ላይ ልደቱ በሁለቱም አቆጣጠር ስላለ ይሻላል። አራቱ ጠርዝ እንዲታይ አንሺው፣ ብርሃን እንዳያብረቀርቅበት፣ ኤዲት እንዳትነኪው። መጻፊያ ሳጥን ከመጣልሽ ስሙ የሱቅ እንደሆነና ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደተሞላ በሁለት መስመር ጻፊ። የፊት ቪዲዮ ብቻ ከጠየቁሽ ደግሞ ጥሩ፣ መታወቂያው ላያስፈልግ ይችላል።

ሌላው፣ ፔጁን ነክቶ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም? ፖስት የሚያደርግልሽ፣ ቡስት ያደረገልሽ?

ጥልፍ ቤት
የእህቴ ልጅ አለ ባህር ዳር፣ አምና ቡስት ሲያደርግልኝ የሆነ ነገር ሰጥቼዋለሁ፣ ምን እንደሆነ ግን እንጃ

ማራኪ ፔጅ ሰሪ
አሁኑኑ ደውይለት! Meta Business Suite ይክፈትና ፔጁ ይታየው እንደሆነ ይይ። Full control ካለው ዛሬውኑ ሌላ ሰው ይጨምራል፣ ነገሩ አለቀ። Partial ከሆነ ሰው መጨመር አይችልም፣ ግን ፈቃዱ ካለው ሜሴጅ ይመልሳል ፖስትም ያደርጋል፣ ለጥምቀት የምትፈልጊው እሱን አይደል።

የእንግዳ ማረፊያው
የኛ አድሚን ሪሴፕሽን የነበረ ልጅ ነበር፣ ስራ ለቀቀ ከዛ አካውንቱም ታገደ። ማስታወቂያ ከፍለን ስለምናውቅ የድጋፍ ቻቱ ተከፈተልን፣ ንግድ ፈቃድ፣ የባለቤቱ መታወቂያና የተፈረመ ደብዳቤ ጠየቁን፣ ደብዳቤው ልጁ ምን ይሰራ እንደነበር፣ መልቀቁን፣ ምን እንደምንፈልግና የጻፍነው እውነት መሆኑን የሚል ነው። አንዴ መለሱብን፣ ፈቃዱ በጋሼ ስም ነው ፔጁ ደግሞ በማረፊያው ስም። የንግድ ስሙ ያለበትን ገጽ አስተርጉመን ጨመርን፣ ሁለት ወር ገደማ ፈጅቶ ተመለሰ።

ሶሎ
እኔ ግን ቻቱ ተከፍቶልኝ አያውቅም፣ ምኑ ላይ ነው የሚገኘው?

ማራኪ ፔጅ ሰሪ
ለሁሉም አካውንት አይመጣም፣ እኔም ደንበኞቼ ላይ አንዱ ጋር አለ አንዱ ጋር የለም። እህቴ ደግሞ በቴሌግራም "በ5 ሺህ ብር እናስከፍታለን" የሚሉ ይመጡብሻል፣ መታወቂያሽን እንዳትሰጪ።

ጥልፍ ቤት
ልጁ Partial ነው ያለው፣ ግን ሜሴጁ ገባለት! 41 ያልተከፈተ አለ ብሎኛል፣ ስልኬን ፖስት አድርጎልኛል። ፋይዳውን ልኬ አሁን እየታየ ነው ይላል። ከተከፈተ ስሜን መጀመሪያ ልቀይር ወይስ ልጁን ፉል ላድርገው?

ማራኪ ፔጅ ሰሪ
ልጁን። ስሙን ስትነኪ ደግመው ሊያግዱሽ ይችላሉ