የእቁብ ኤክሴል ላይ ውዝፍ ክፍያ አልስተካከል አለኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም፣ የእቁባችን ጸሐፊ ነኝ። 12 ሰው ነን፣ በወር 1,000 እንጥላለን። አንዱ በ3ኛው ዙር እጣው ደርሶት ወሰደና 5ኛውንና 6ኛውን ሳይጥል ቀረ፣ በ7ኛው መጥቶ 3,000 አንዴ ከፈለ፣ እኔ ደሞ የከፈለበትን ዙር ስለምመዘግብ ሺቱ 5 እና 6ን አሁንም ቀሪ፣ 7 ላይ 2,000 ትርፍ ይለኛል። A ስም፣ B ዙር፣ C ብር ነው፦

```
=SUMIFS($C:$C,$A:$A,$F2,$B:$B,G$1)
```

በሶስት መስመር ከፋፍዬ ብጽፈው ይስተካከላል ግን መቼ እንደከፈለ ይጠፋብኛል፣ እሱ ደሞ ያስፈልገኛል ምክንያቱም በ5ኛና በ6ኛው የደረሳቸው ሰዎች 11,000 ብቻ ነው የወሰዱት፣ የጎደላቸውን ልሰጣቸው ነው። ዙሩንና የተከፈለበትን ቀን በሁለት ኮለም ልለያቸው ወይስ ክፍያውን ከድሮው ውዝፍ ጀምሮ የሚቀንስ ፎርሙላ አለ?