ለሠራተኛዋ አቤቱታ ምን ብዬ ልመልስ?

የሰው ኃይል ጀማሪ
የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ትናንት በጽሑፍ አቤቱታ አስገብታለች። የሌሊት ፈረቃ ኃላፊዋ በሰው ፊት እንደሰደባትና የትርፍ ሰዓቷን እንደቀነሰባት ትላለች። እኔም «በደረሰብዎ በደል እጅግ አዝነናል፤ በአጥፊው ላይ ተገቢው እርምጃ ይወሰዳል» ብዬ አረቀቅኩ። አለቃዬ «ይሄማ ፍርድ ነው» ብሎ መለሰብኝ። ታዲያ ምን ልበል?

ቡና ጠጪ
ምንም አትጻፍ። ወረቀት ነገ ማስረጃ ሆኖ ይመጣብሃል። ተጣርቶ ሲያልቅ አንዴ ትመልሳለህ።

የድሮ ሰው ኃይል
ወረቀቱ ማስረጃ መሆኑስ እውነት ነው። ግን ዝምታህም ይቆጠርብሃል። አለቃህ ልክ ነው፤ ኃላፊው ያንን ደብዳቤ ይዞ «ሳልጠየቅ ተፈረደብኝ» ቢል መልስ የለህም። «እርምጃ» የምትለዋም አስቀድማ ትፈርዳለች። እኔ ብሆን ዛሬውኑ እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ጥቅምት 11 የጻፉት አቤቱታ ጥቅምት 12 ደርሶናል። የፈረቃ ኃላፊውን ንግግርና የትርፍ ሰዓት ክፍያን የሚመለከቱ ሁለት ነጥቦች እንዳሉት ተረድተናል፤ የቀረ ካለ ይንገሩን። ጥቅምት 16 እርስዎን እናነጋግራለን። ከዚያ ኃላፊውንና በቦታው የነበሩትን እንጠይቃለን፤ የሰዓት መቆጣጠሪያውንም እናያለን። የደረስንበትን እስከ ጥቅምት 30 በጽሑፍ እናሳውቅዎታለን። ይህ ደብዳቤ አቤቱታዎ መድረሱን የሚገልጽ እንጂ በጉዳዩ ላይ የተሰጠ ውሳኔ አይደለም።»

የማትደርስበትን ቀን ግን አትጻፍ። ቀኑ ካለፈ ከስድቡ በላይ የምትጠየቀው ስለ እሱ ነው።

መዝገብ ቤት የገቢ ማህተም መምታቱንም እይ። በአዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት፣ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚችለው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን አንስቶ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ዛሬ አይታወቅም። ወደዚያ ከሄደ ግን «መቼ አወቃችሁ?» የሚል ክርክር መምጣቱ አይቀርም።

የስፌት ክፍሏ
ለእኔ ደብዳቤው በሁለተኛው ቀን ደርሶኛል፤ ጥሩ አማርኛ ነበር። ታች ሳየው ግን «ግልባጭ፦ ለክፍል ኃላፊ» ይላል። ያመለከትኩት እኮ በእሱ ላይ ነው! በሳምንቱ ፈረቃዬ ተቀየረ።

የሰው ኃይል ጀማሪ
ኧረ የእኔም ረቂቅ ግልባጭ አለው። አጠፋዋለሁ። ለኃላፊውስ መቼ ይነገረው?

የድሮ ሰው ኃይል
ሠራተኛዋን ካነጋገርክ በኋላ፣ ለብቻው ደብዳቤ። ለእሱም «አቤቱታ ቀርቧል፤ ምላሽዎን እንሰማለን» በለው፤ «ተከሰዋል» አትበል።

የማኅበር ተወካይ
እዚህ ላይ አልስማማም። ወሬው በዚያው ሌሊት ፈረቃውን ይዞራል። ከሰው አፍ ከሚሰማው ይልቅ በዚያው ቀን ከእናንተ ቢሰማ ይሻላል።

የድሮ ሰው ኃይል
ምስክሮቹ እኮ በእሱ ሥር ነው የሚሠሩት። አስቀድሞ ካወቀ ማን ደፍሮ ይናገራል?