ባዶ የሚመስለው ሳጥን ድምሩን አበላሸብን፤ ለአክስቴ እንዴት ላስረዳቸው?

አክስቴ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ሽያጫቸውን የሚመዘግቡበትን የኤክሴል ሠንጠረዥ ያዘጋጀሁላቸው እኔ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ግን አዲስ አበባ ነው። ትናንት የስክሪን ምስል ላኩልኝ። በጠቅላላ ድምሩ ቦታ `#VALUE!` ይላል። ምስሉ የሚያሳየው የተመረጠውን የአንዱን ሳጥን ቀመር ብቻ ነው፦

```
=SUM(D2:D11)
```

ይህ ቀመር ጤነኛ ነው። ስህተቱ የመጣው ከላይ ነው፤ `D5` እና `D8` ራሳቸው `#VALUE!` ስለሚሉ ድምሩም ያንኑ ይደግማል። የ`D5` ምክንያት ገብቶኛል፤ በዋጋው ሳጥን «120 ብር» ብለው ጽፈዋል። ፊደል ስላለበት ኤክሴል ማባዛት አልቻለም፤ 120 ብቻ ቢሆን ይሠራል።

ያስቸገረኝ `D8` ነው፤ ቀመሩ `=B8*C8` ነው። ዋጋው 85 ነው፣ የብዛቱ ሳጥን `B8` ባዶ ይመስላል። በእውነት ባዶ ቢሆን ውጤቱ 0 ይሆን ነበር። ስለዚህ ቁጥሩን በክፍት ቦታ ቁልፍ ያጠፉት ይመስለኛል፤ የማይታይ ክፍተት ለኤክሴል ጽሑፍ ነው። `=LEN(B8)` በሌላ ሳጥን ቢጽፉ 1 ካወጣ ጥርጣሬዬ ልክ ነው፤ ነገር ግን በስልክ ይህን ማጻፍ ከበደኝ።

እርሳቸው ደግሞ ድምሩን አጥፍተው በእጅ ሊጽፉት ነው፤ ያኔ ቀመሩ ይጠፋል። ክፍተቱን በዴሊት ቁልፍ እንዲያጠፉ፣ ድምሩን ግን እንዳይነኩ በምን ቀላል አነጋገር ልንገራቸው? ወደፊትስ ከቁጥር በቀር ሌላ እንዳይገባ `B` እና `C` ዓምዶችን እንዴት ልዝጋ?