ሁለት ተመሳሳይ የባንክ አፕ፤ ትክክለኛው የቱ ነው?

ሰላም፣ ከባህር ዳር ነው የምጽፈው። እናቴ ጣና ዳር ዓሣ ትሸጣለች። የባንኳን አፕ ልጭንላት ፕሌይ ስቶር ገብቼ ስሙን ስጽፍ ሁለት መጡ። አርማቸው አንድ ነው።

የመጀመሪያው 4.8 ኮከብ አለው። ግን አስተያየቶቹን ከአዲሱ ጀምሬ ሳነብ ሁሉም በአንድ ሳምንት የተጻፉ ናቸው፤ «በጣም ጥሩ» ብቻ። ሁለተኛው 3.9 ነው። ሰው «ኮዱ አልደረሰኝም» እያለ ያማርራል፣ መልስም ይሰጠዋል። About this app ገብቼ Released on የሚለውን ሳይ ባለ 4.8ቱ የወጣው ባለፈው ወር ነው። App support ላይ ያለው ኢሜይልም ተራ ጂሜይል ነው። የፈቃድ ዝርዝሩ ደግሞ ኤስኤምኤስ ማንበብ ይላል። የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው በዚያው አይደል እንዴ!

እሱን ተውኩት። ሁለተኛውን ልጭን ስል ግን ግራ ገባኝ። የአልሚው ስም የባንኩ ሳይሆን የአንድ ሶፍትዌር ድርጅት ነው፤ የተጻፈው የድረ ገጽ አድራሻ ግን የባንኩ ነው። ባንክ አፑን በሌላ ድርጅት ስም ያወጣል? ከባንኩ ድረ ገጽ ወደ ስቶሩ የሚወስደውን ሊንክ ልነካ ብል ገጹ አልከፈት አለኝ። ቅርንጫፉም እስከ ሰኞ ዝግ ነው።

ሌላ ማጣሪያ መንገድ የምታውቁ ንገሩኝ። እስካሁን ምንም አልጫንኩም።