ማህደራቸው የጠፋባቸው አባላት የጋራ ጥያቄ፦ ረቂቁን እናርመው

ይመር (ጸሐፊ)
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ ላይ በተስማማነው መሠረት የደብዳቤውን ዋና አንቀጽ ጽፌያለሁ። እነሆ፦

«በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ መዝገብ ቤታቸው የተዘረፈባቸው መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች፣ የቀድሞ አገልግሎታቸው ለጡረታ በሦስት ምስክሮች ቃል እንዲያዝላቸው እንጠይቃለን።»

ደብዳቤው ለመሥሪያ ቤቶቹም ለጡረታ መሥሪያ ቤቱም የሚገባ ነው። እስከ ሐሙስ አስተያየት ስጡበት።

አበበ
እኔ ተስማምቻለሁ። ግን ብዙም አንጨነቅ ባይ ነኝ። አሥር ዓመት የሞላው ሰው ጡረታውን ያገኛል። ከዚያ በላይ ያለው አሮጌ አገልግሎት ተገኘ አልተገኘ ለውጥ የለውም። የሚጎዱት አሥር ያልሞላላቸው ብቻ ናቸው።

እትዬ ዘሀራ
አበበ፣ ግማሹን አግኝተኸዋል። በሩ አሥር ዓመት ነው፣ እውነት ነው። ከበሩ በኋላም ግን ደረጃ አለ። ለአሥሩ ዓመት የሚታሰበው የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝህ 30 በመቶ ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ይህ የሲቪሉ ነው፤ የወታደርና የፖሊስ ከፍ ይላል።

አንተው እኮ በመንግሥት ፋብሪካ ከ1979 እስከ 1987 ሠርቻለሁ ብለኸኛል። ስምንት ዓመት ነው። ከዚያ በቢሮ 20 ዓመት። አማካይ ደመወዝህ 8,000 ብር ነው እንበል። በ20 ዓመት 42.5 በመቶ፣ ማለትም 3,400 ብር ታገኛለህ። ስምንቱ ሲጨመር 52.5 በመቶ ይሆናል፤ 4,200 ብር። በየወሩ 800 ብር መሬት ላይ ጥለህ ልትሄድ ነው?

ይመር ልጄ፣ ሌላው ነገር። «በሦስት ምስክሮች ቃል» የሚለውን አውጣው። መዝገብ ቤት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ምስክር «አብረን ነበርን» ይላል። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ በስንት ብር፣ ጡረታ ይቆረጥ ነበር ወይ ብትለው ዝም ይላል። የሚፈለገው ደግሞ ያ ነው። ምስክሩ በወረቀቱ ላይ ይደገፍ እንጂ ወረቀቱን አይተካም።

ይመር
እትዬ፣ ወረቀቱ ተዘርፎ እኮ ነው ይህን ሁሉ የምንጽፈው።

እትዬ ዘሀራ
የጠፋው አንድ ቅጂ ነው ልጄ። የመንግሥት ደብዳቤ መቼ ነው በአንድ ቅጂ የተጻፈው? ቤታችሁ ያለውን አሮጌ ደብዳቤ አውጡና ግርጌውን እዩ። የደረጃ ዕድገት፣ ዝውውር፣ የዓመት ፈቃድ፣ ምንም ይሁን። «ግልባጭ» ይላል። ከሥሩ ለሒሳብ ክፍል፣ ለሠራተኛ አስተዳደር፣ አንዳንዴም ለበላይ መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ይላል። ሌላው ቅጂ የት እንደሄደ እዚያው ተጽፎላችኋል። የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ይዛችሁ «ይህ ግልባጭ ይፈለግልኝ» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ «ማህደሬ ጠፋ» ካላችሁ ግን «ተዘርፏል» ብለው ይሸኟችኋል።

አበበ
ሆ! አሁን ሳጥኑን ስፈትሽ የ1983 የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤ አገኘሁ። «ከመስከረም 1 ቀን 1979 ጀምሮ በማገልገል ላይ» ይላል። ግልባጭ ለሒሳብ ክፍል። ደመወዜ 285 ብር ነበር፣ ትዝ አለኝ እንዴ!

እትዬ ዘሀራ
ተመስገን። መጀመሪያውን አገኘህ። መጨረሻውን ደግሞ ፔሮል ላይ እንፈልገዋለን። የሁሉንም ወር አትጠይቅ፣ ማንም አይገለብጥልህም። የመጀመሪያውን ወር፣ የመጨረሻውን ወር፣ በመካከል በየዓመቱ አንድ ወር ጠይቅ። የአሮጌ ፔሮል ራስጌው ብዙ ጊዜ የተቀደደ ነው፤ የትኛው ዓምድ ጡረታ እንደሆነ አይታወቅም። ያኔ ከሠራተኛው የሚቆረጠው 4 በመቶ ነበር። 285 ላይ 11 ብር ከ40 ሳንቲም የሚል ዓምድ ካየህ እሱ ነው። የዛሬውን 7 በመቶ ይዘህ ከፈለግህ አታገኘውም።

ጋሼ ሰይድ
የጡረታ ጭማሪ መቼ ነው የሚከፈለው? ስብሰባው ስለሱ መስሎኝ ነበር።

ይመር
ጋሼ፣ ይሄ ስለ ድሮ አገልግሎት ነው። እርስዎ ውትድርና ነበሩ አይደል?

ጋሼ ሰይድ
አዎ እንጂ። በ1976 ብሔራዊ ውትድርና ሄድኩ፣ ሁለት ዓመት ብለው ወሰዱን፣ እስከ 1983 ቀረሁ። ከተሃድሶ ካምፕ ስወጣ የሰጡኝ ካርድ አለ። ቁጥሬም አለበት። ግን ካርዱ «ሰኢድ ሙሐመድ» ይላል። ቢሮ ስቀጠር «ሰይድ መሐመድ» ብለው ጻፉኝ። ወጣቱ ሠራተኛ «ይሄ ሌላ ሰው ነው» አለኝ። ሌላ ሰው! ጥይቱ ያገኘው እግር የማን ነው ታዲያ?

እትዬ ዘሀራ
አይዞዎት ጋሼ። ወሎ ውስጥ ይህ ችግር የሌለበት ሰው የለም። ሰይድና ሰኢድ፣ እንድሪስና ኢድሪስ፣ መሐመድ በአራት ዓይነት። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን አስቀድመው ያስወስኑ። ካርዱ ላይ የእናት ስም ወይም የትውልድ ቦታ ካለ ከቅጥር ቅጽዎ ጋር ያመሳክሩ። የወታደር ቁጥሩን ደግሞ መከላከያ ስለሚያውቀው ማረጋገጫውን ከእነሱ በደብዳቤ ያስጠይቁ፤ ካርዱን ራሱን ለማንም አይስጡ፣ ኮፒ ብቻ። ዕድሜ ግን አይንኩ። የሚያዘው መጀመሪያ ሲቀጠሩ የሞሉት ነው። ስም ላስተካክል ብሎ ልደት የቀየረ ሰው ሁለቱንም ሲያጣ አይቻለሁ።

ጋሼ ሰይድ
ካርዱን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው። ሰባቱ ዓመት ግን ይታሰብልኛል ወይስ አይታሰብም?

ይመር
እሱን በደብዳቤው ለብቻው እንጠይቅ፦ ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመለና በቋሚነት የተቀጠረ ወታደር እኩል ይታያሉ ወይ ብለን። መልሱ በጽሑፍ ይምጣ።

ሰሚራ
የኔስ? ደሴ ጋራዥ ውስጥ ከ1998 እስከ 2000 ለማጅ ነበርኩ። የኪስ ገንዘብ ይሰጡኝ ነበር። ከዚያ ቀጠሩኝ፣ እስካሁን እዚያው ነኝ። ባለቤቱ «ከ1998 ጀምሮ ሠርታለች» ብሎ ልጻፍልሽ እያለኝ ነው።

እትዬ ዘሀራ
ደግ ሰው ነው፣ ግን እንዲያ ብሎ አይጻፍ። ለማጅ ደመወዝተኛ አይደለም፤ የኪስ ገንዘብ ላይ መዋጮ አይቆረጥም። በዚያ ላይ የግል ድርጅት ጡረታ የተጀመረው በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ያለው ያለ መዋጮ ያለፈ ነው። ይልቅ ከ2003 ወዲህ ያለውን አጣሪ። ድርጅቱ መዋጮውን በየወሩ በሠራተኛ ስም ዝርዝር ያስገባል። ቆርጦ ያላስገባበት ወር ካለ አሁን ነው የሚታወቀው። ከደመወዝሽ ተቆርጦ ዝርዝሩ ላይ ስምሽ ከሌለ፣ ያ ነው ትልቁ ክርክር።

ሰሚራ
ሁለቱ ዓመት በከንቱ ቀረ ማለት ነው።

እትዬ ዘሀራ
ለጡረታ አዎ። ለሥራ ልምድ ግን የምስክር ወረቀት ውሰጂ። አሠሪ ሠራተኛው ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ ጊዜውንና ደመወዙን ጽፎ በነፃ መስጠት አለበት።

አበበ
አንድ ነገር ልናዘዝ። በ1987 ፋብሪካውን ስለቅ የተወሰነ ብር ሰጥተውኛል። የመዋጮ ተመላሽ ይሁን የፈቃድ ክፍያ አላስታውስም።

እትዬ ዘሀራ
ወይ አበበ! ይህን መጀመሪያ አትናገርም? ተመላሽ ከወሰድክ ነገሩ ሌላ ነው። የስንብት ሒሳብህን ፈልግ፤ ምን ተብሎ እንደተከፈለ እዚያ ላይ አለ። እኔም በዚህ ላይ ቃል አልገባልህም።

ይመር
እሺ። አንቀጹን እንዲህ ለውጬዋለሁ፦

«መዝገብ ቤታቸው የተዘረፈባቸው መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛው ባቀረበው ደብዳቤ ግልባጭ ቁጥር መሠረት ሌላውን ቅጂ ፈልገው በጽሑፍ መልስ እንዲሰጡ፤ ቅጂው ካልተገኘ የፋይናንስ ፔሮል እንዲታይ፤ የስም አጻጻፍ ልዩነት ብቻውን አገልግሎትን ውድቅ እንዳያደርግ። እንዲሁም የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎትና ቀደም ሲል ተመላሽ የተወሰደበት አገልግሎት እንዴት እንደሚታይ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።»

ምስክሮቹን አውጥቻለሁ። ጋሼ ሰይድ ግን ደስ አላላቸውም፣ ደውለውልኛል።

ጋሼ ሰይድ
ምስክሬ አንድ ብቻ ነው የቀረው፣ እሱም ሐይቅ ነው ያለው። ሳይሞት ቃሉን ይጻፍልኝ ነው የምለው።

እትዬ ዘሀራ
ይጻፍ፣ ከካርዱ ኮፒ ጋር ይያያዛል። ረቡዕ ጠዋት ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋ እጠብቅዎታለሁ። አበበ፣ አንተም ሳጥኑን ይዘህ ና።